«ድንጋዩ ቢቀርልኝ ይሻል ነበር» ላሉት ጸሐፊ

«በማደንዘዣ ጥልቅ እጥበት ተደረገልኝ። ወር ሳይሞላ የፊት ጥርሶቼ ረዘሙ፣ መሃላቸውም ተከፈተ። ድንጋዩ ጥርሴን አጥብቆ ይዞልኝ ነበር፤ ሲነሳ ጥርሴ ተነቃነቀ። ማሽኑ የጥርስን ሽፋን ፈቅፍቆ ይጨርሰዋል፤ ይኸው ቀዝቃዛ ውሃ ይነዝረኛል። ካደረጋችሁት ደግሞ ድዱ እስኪድን ሁለት ሳምንት ብሩሽ አታስነኩት፣ አንቲባዮቲክ ውሰዱ። በሁለት ሳምንት መድማቱ ካልቆመ ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው። ከቆመ ደግሞ ተገላገላችሁ፣ መመለስ አያስፈልግም። እኔ ግን ድንጋዩ ቢቀርልኝ ይሻል ነበር።»

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የድድ ሕክምና የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ ግን ለጸሐፊዋ የሚገባቸውን ልስጥ። ያዩትን ነገር ከሐሳባቸው አልፈጠሩትም፤ በመስታወት ያዩት ሁሉ እውነት ነው። ይህ እንደሚመጣ ደግሞ ከሕክምናው በፊት ሊነገራቸው ይገባ ነበር። የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው። ያን አምስት ደቂቃ የነፈጋቸው ሰው ጥፋተኛ ነው እላለሁ። ካዩት ተነስተው የሰጡት ምክር ላይ ግን አልስማማም፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል።

ከርዝመቱ ልጀምር፤ የብዙ ሰው ድንጋጤ እዚያ ነውና። በጤናማ ድድና በጥርስ መካከል ጠባብ ክፍተት አለ። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ፕላክ የሚባለው የባክቴሪያ ልባጥ እዚያ ሲሰነብት ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ከጥርሱም ይላቀቃል። ክፍተቱ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ኪስ እንለዋለን። ከኪሱ በታች ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ይመናመናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ያበጠው ድድ ከላይ ሸፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ በመስታወት ምንም አይታይም። አያምም ማለት ይቻላል። ትንሽ ደም፣ ትንሽ የአፍ ሽታ፣ በቃ።

አንዲት የ46 ዓመት ታካሚ ነበረችኝ። ከታች የፊት ጥርሶቿ አንዱን እንውሰድ። ጥርስ አንገት አለው፤ ነጩ ሽፋን የሚያልቅበትና ሥሩ የሚጀምርበት መስመር ነው። የእሷ ድድ አብጦ ከዚያ አንገት በላይ 1 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። ፕሮብ በምንለው፣ ሚሊ ሜትር በተሰመረበት ቀጭን ዘንግ ከድዱ ጠርዝ ወደ ታች ስንለካ ኪሱ 6 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከ6ቱ ላይ ያበጠውን 1 ሚሊ ሜትር ቀንሱ። ድዱ ጥርሱን አጥብቆ የያዘው ከአንገቱ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው ማለት ነው። በሌላ አነጋገር 5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ሥር ቀድሞውኑ ተላቋል። እሷ ግን አታየውም።

ጥልቅ እጥበት ማለት ከድዱ በታች ሥሩ ላይ ያለውን ድንጋይና ፕላክ ማንሳት ነው። ሥሩ እንዲህ ከታጠበ ከ10 ሳምንት በኋላ መልሰን ለካን። የድዱ ጠርዝ ከአንገቱ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ኪሱ 3 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ደምሩት፦ ድዱ ጥርሱን የያዘበት ቦታ አሁን ከአንገቱ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። እንግዲህ መስታወቱ ጥርሱ 2 ሚሊ ሜትር «ረዘመ» ይላል። ዘንጉ ደግሞ ድዱ በ1 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ተመልሶ ጥርሱን ያዘ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። መስታወት የሚያሳየው ጠርዙን ብቻ ነው። ጥርስ የሚኖረው ግን ከታች ድዱ አጥብቆ በያዘው ልክ ነው።

እውነቱን ለመናገር የእሷ ውጤት ከመካከለኛው የተሻለ ነው። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪስ በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። 7ና ከዚያ በላይ የሆነ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የእብጠቱ መውረድ ነው፤ ቀሪው ድዱ ከሥሩ ጋር መልሶ በመጣበቁ የሚገኝ ነው። የጠፋው አጥንት ግን በአብዛኛው ተመልሶ አይበቅልም። በጥርሶቹ መሃል የተከፈተው ክፍተትም እንዲሁ፣ በአብዛኛው እንዳለ ይቀራል። ይህን ደብቆ «ሁሉም ይመለሳል» የሚል ሰው ካለ አትመኑት። ክፍተቱ መልኩን ካበላሸው ድዱ ከረጋ በኋላ በጥርስ ቀለም መሙያ ማጥበብ ይቻላል።

ወደ መነቃነቁ እንለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ትንሽ እውነት ይዘዋል። የታች የፊት ጥርሶች ላይ ድንጋይ እንደ ድልድይ ተያይዞ ሲበቅል ጥርሶቹን አንድ ላይ ይጠፍራቸዋል። ሲነሳ እያንዳንዱ ጥርስ በራሱ ይቆማል፤ ያኔ ተደብቆ የነበረው መነቃነቅ ይወጣል። ግን ድንጋይ ምን እንደሆነ አስቡት። በምራቅና ከድድ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ባለው ማዕድን የደነደነ ፕላክ ነው። ሸካራ ነው፤ ላዩ ላይ ሁልጊዜ አዲስ ሕያው ባክቴሪያ ይኖራል። ከድዱ በታች ያለው ከደም ቀለም የተነሳ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ጥርሱን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ጥርሱን የያዘው የመሰለው ነገር አጥንቱን የሚያስበላው ነው። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ጥርስ ላላ ማለቱ የተለመደ ነው። እብጠቱ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል። በሦስት ወሩ አሁንም የሚነቃነቅና ማኘክ የሚከለክል ከሆነ፣ በቀጭን ሽቦና በሙጫ መሰል መሙያ ከጎረቤቶቹ ጋር እናስረዋለን። ያም ከድንጋይ የተሻለ ማሰሪያ ነው፤ ቢያንስ በሥሩ መታጠብ ይቻላል።

የማሽኑ ጉዳይ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አልትራሶኒክ የምንለው መሣሪያ ጫፉ በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ ይርገበገባል። ውሃ እየረጨ ድንጋዩን ይሰባብራል። ጫፉ በጎኑ ተደግፎ በቀስታ ከተነዳ የጥርሱን ነጭ ሽፋን አይጎዳም። ሹሉን ቀጥ አድርጎ የሚወጋ እጅ ግን ሥሩን ይጭራል። ሥር ነጩ ሽፋን የለውም። ሲሜንተም የሚባል በጣም ስስ ልባጥ ነው ያለው። ድሮ ሐኪሞች ይህ ልባጥ በመርዝ ተነክሯል ብለው ሥሩ እንደ መስታወት እስኪለሰልስ ኪዩሬት በሚባል ምላጭ ባለው የእጅ መፋቂያ ይፍቁት ነበር። «ሩት ፕላኒንግ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ ፕላኒንግ እንደ አናጺ መላጊያ መላግ ማለት ነው። በኋላ ግን የባክቴሪያው መርዝ ሥሩ ላይ የተቀመጠው ላይ ላዩን እንደሆነ ተረጋገጠ። ስለዚህ ዛሬ ድንጋዩንና ፕላኩን እናነሳለን እንጂ ሥሩን አንልግም። ስሙ ብቻ ቀረ።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ያላነሱት፣ ማንሳት የነበረባቸው ነገር አለ። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነ ክፍተት ውስጥ ይህን ሥራ መሥራት ራሱ ይጎዳል። ጥርሱን የያዘው ድድ በጥቂቱ ይላቀቃል፤ ጥቅም ደግሞ የለውም። እዚያ የሚበቃው ተራ እጥበት ነው። ስለዚህ «ጥልቅ እጥበት ያስፈልግሃል» ስትባሉ ቁጥሮቹን ጠይቁ። እያንዳንዱ ጥርስ ስድስት ቦታ ይለካል። ውጤቱ በሰንጠረዥ ይጻፋል፤ የደማውም ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ራጅም አብሮ ይታያል። ሰንጠረዥ ከሌለ የተባለው ሁሉ ግምት ነው። የምትቆጡ ከሆነ እዚያ ላይ ተቆጡ።

ቀዝቃዛው ውሃ የሚነዝረው ለምንድን ነው? ሥሩ ከስሱ ልባጥ በታች ወደ ነርቩ የሚያመሩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ድንጋዩና እብጠቱ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍነውት ነበር። ሲነሱ ሥሩ በረደው። ንዝረቱ የሚበረታው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከዚያ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ ቀዳዳዎቹ ከምራቅ በሚገኝ ማዕድን ይደፈናሉ። ፖታሺየም ናይትሬት ወይም ስታነስ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይረዳል። ግን በቀን ሁለቴ፣ ለሳምንታት ነው፤ አንዴ ቀብቶ መጠበቅ አይሠራም። ማታ ከብሩሽ በኋላ ትንሽ በጣት የሚነዝረው ቦታ ላይ ቀቡት፣ ትርፉን ትፉ፣ በውሃ አትጉመጥመጡ። ንዝረቱ አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ሆኖ ለደቂቃዎች የሚቆይ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የጥርሱ ነርቭ ይታይ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ምክር ደረስኩ።

ከእጥበቱ በኋላ ድዱ ውስጥ የሚሆነውን ተከተሉ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኪሱ በስስ የደም እርጋታ ይሞላል። ከዚያ የድዱ የውስጥ ሽፋን በአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይበቅልና ከንጹሑ ሥር ጋር ይጣበቃል። ከሱ በስተጀርባ ያለው ሥጋ ለመጠንከር ተጨማሪ ሳምንታት ይፈልጋል። የሚጣበቀው ግን ከንጹሕ ሥር ጋር ነው። ፕላክ ደግሞ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ስትመለሱ አይጠብቃችሁም፤ በሰዓታት ውስጥ መተኛት ይጀምራል። ሁለት ሳምንት ብሩሽ ያልነካው ጥርስ ጤናማ የነበረውን ድድ ሳይቀር ያስቆጣል። ሽፋኑ በሚጣበቅባቸው በእነዚያው ቀናት ሥሩን መልሶ ማቆሸሽ ማለት የተሠራውን ቤት በዚያው ሳምንት ማፍረስ ነው።

እኔ ታካሚዎቼን የምላቸው እንዲህ ነው። ማደንዘዣው እስኪለቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ አትብሉ፤ ከንፈርና ጉንጭ ሳይታወቅ ይነከሳል። በዚያው ማታ በጣም ለስላሳ ብሩሽ አንሱ። የታከመውን ቦታ በቀስታ እየዳበሳችሁ፣ ሌላውን እንደ ወትሮው ቦርሹ። ትንሽ ቢደማ አትደንግጡ። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የጥርስ መሃል ብሩሽ ጀምሩ። ይቺ ትንሽ ጠርሙስ ማጠቢያ የምትመስል ብሩሽ ናት፤ ክፍተት ለተከፈተበት ሰው ከክር ይልቅ እሷ ትሻላለች። መጠኗ ገብታ ጎንና ጎኑን የምትነካ፣ ግን በግድ የማትገባ ትሁን። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እያደረጋችሁ ተጉመጥመጡ። ለሁለት ቀን የሚያቃጥል፣ ጠንካራና ሹል ምግብ ተዉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ለብዙ ሰው ይበቃል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከሕክምናው በፊት ተናገሩ፤ በራሳችሁ ውሳኔ ግን አታቁሙት።

ክሎርሄክሲዲን የሚባለው መጉመጥመጫ ከታዘዘላችሁ ለአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ ከዘለለ ጥርሱን ቡናማ ያደርጋል፣ ጣዕምም ያጠፋል። የጥርስ ሳሙና ኃይሉን ስለሚቀንስበት በሁለቱ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ልዩነት ይኑር። እሱም ቢሆን ኪሱ ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ብሩሽን አይተካም።

አንቲባዮቲክስ? ለተለመደው የድድ በሽታ በየጊዜው የሚሰጥ አይደለም። ፕላክ ባክቴሪያዎቹ በራሳቸው ሙጫ ተሸፍነው የሚኖሩበት ልባጥ ነው፤ ክኒን ብቻውን አይፈታውም። መጀመሪያ በእጅ መሰበር አለበት። በወጣትነት አጥንቱን በፍጥነት ለሚያጠፋ ዓይነት ወይም ትኩሳትና የሚዛመት እብጠት ላለበት ሰው ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ከዚያ ውጭ ከጓዳ አውጥቶ መዋጥ ተቅማጡንና የመድኃኒት መላመዱን ብቻ ነው የሚያተርፈው።

መቼ ነው መደወል ያለባችሁ? ለአንድ ሁለት ቀን ምራቃችሁ ሮዝ ቢሆን ምንም አይደለም። በንጹሕ ጨርቅ 20 ደቂቃ ጭናችሁ የማይቆም ደም ግን ይታይ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከመቀነስ ይልቅ የሚጨምር እብጠት፣ መግል፣ ትኩሳትም እንዲሁ። ይህ አንዳንዴ የሚመጣው በሚገርም ምክንያት ነው። የኪሱ አፍ ላይ ያለው ድድ ድኖ ይጠባል፤ ከታች ጥግ የተረሳ የድንጋይ ስባሪ ካለ ግን መውጫው ይዘጋበትና መግል ይቋጥራል። ያኔ የሚያስፈልገው ኪሱን ከፍቶ ስባሪውን ማውጣት ነው።

የሁለት ሳምንቱን ፍርድ በተመለከተ፣ ቀኑ ገና ነው። በሁለት ሳምንት ድዱ ሲነካ ሊደማ ይችላል፤ ቀለሙ ከደማቅ ቀይ ወደ ሮዝ እየሄደ ከሆነ መንገዱ ልክ ነው። ዘንግ አስገብቶ መለካትም በዚያ ሰዓት ስህተት ነው፤ አዲሱን መጣበቂያ ይቀደዋል። እኔ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እለካለሁ። ደሙ የት እንዳለ ማየት ግን ጠቃሚ ነው። አፍ ሙሉ በየቦታው ከደማ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የቤት ብሩሽ ነው። ሌላው ሁሉ ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ከደማ እዚያ የተረሳ ድንጋይ እጠረጥራለሁ። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ባለመድማቱ አይደሰት። ማጨስ መድማቱን ስለሚደብቀው ድዱ ከውስጥ ሳይድን ደህና ይመስላል፤ መዳኑንም ያዘገየዋል።

«ተገላገላችሁ» የሚለውን ለዚያችው ታካሚዬ ብንነግራት ምን ይሆን ነበር? በ10ኛው ሳምንት የፊት ጥርሶቿ አምረዋል። የታችኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርሷ ኪስ ግን 7 ሚሊ ሜትር የነበረው 6 ላይ ቆሟል፤ ስነካውም ይደማል። ለእሷ አያማትም፣ ስትቦርሽም ደም አታይም። መንጋጋ ሁለት ወይም ሦስት ሥር አለው። አጥንቱ እስከ መንታው ሲወርድ በሥሮቹ መሃል ዋሻ ይፈጠራል። የዋሻው በር ብዙ ጊዜ ከኪዩሬቱ ምላጭ የጠበበ ነው፤ ሐኪሙ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን አይገባም። በጭፍን፣ በዳሰሳ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ኪሱ ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ድንጋይ የመቅረቱ ዕድል ይጨምራል።

ያን ጥርስ በቀጭን የአልትራሶኒክ ጫፍ ደገምነው። ከሦስት ወር በኋላ 5 ሆኖ አሁንም ደማ። ስለዚህ ድዱን በማደንዘዣ ከፍተን ዋሻውን በዓይናችን እያየን አጸዳነውና በስፌት ዘጋነው። የቀሩትን ጥርሶች በየሦስት ወሩ እናያቸዋለን። ጥልቅ ኪስ ውስጥ ጎጂዎቹ ባክቴሪያዎች በጥቂት ሳምንታት መልሰው መስፈር ስለሚጀምሩ ነው ቀጠሮው የሚጠበበው። ባለፈው ስትመጣ የመንጋጋዋ ኪስ 4 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ደም አልነበረውም። መሃሉ ላይ ለተከፈተው ክፍተት ከወትሮው አንድ ቁጥር ከፍ ያለች ብሩሽ ሰጥተናት ሄደች።